ለዕድገቷ የሰጠናት ጃንጥላ

የደረጃ ዕድገት ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ከየቢሮው ሰው ብቅ ብቅ አለ፤ ጥበቃው ሳይቀር ከበሩ ተነስቶ መጣ። የሰብል ቡድን መሪ ሆና ያለፈችው ጓደኛዬ ግን ወረቀቱን ደጋግማ ታነባለች። እልልታዬን ስጨርስ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ይሰማል እኮ» አለችኝ።

«ይስማ እንጂ!» አልኳት። ለሰው እንዲሰማ ነበር ያልኩት።

የምንሠራው ወረታ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የግብርና መሥሪያ ቤት ነው። የተዋወቅነው ግን ቢሮ ውስጥ አይደለም። ከኮሌጅ እንደወጣን የልማት ሠራተኛ ሆነን የተመደብነው ፎገራ ሜዳ ላይ ያለች አንዲት ቀበሌ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ሦስት ክረምት አሳለፍን። የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ የሩዝ ማሳ ልናይ ስንወጣ ዋልካው ጭቃ ጫማችንን ከእግራችን እየነጠቀ ያስቀረዋል። አንድ ክረምት ወባ ጥሎኝ ስተኛ የእሷንም የእኔንም ገበሬዎች ብቻዋን ስትዞር ከረመች። ማታ ማታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትገባና መጀመሪያ የእኔን ግንባር ትዳስሳለች፤ እግሯን የምትታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለች ሰው ስታድግ በጭብጨባ ብቻ ላልፋት አልፈለግሁም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛው የራሴ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንበሳሜ ወርጄ ከማውቃቸው ሸማኔ የጥልፍ ቀሚስ ከነነጠላው ገዛሁ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ሸማኔው የሩዝ ቡቃያ ይመስላል ሲሉኝ ሳልከራከር ከፈልኩ። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ ነው። የሠራተኛው መረዳጃ ሰብሳቢ እኔ ስለሆንኩ ሐዘን ሲደርስም ልጅ ሲወለድም መዋጮ የማስተባብረው እኔ ነኝ። አንድ ነጭ ወረቀት አወጣሁ፤ በግራ በኩል የሠራተኛውን ስም በሙሉ፣ በቀኝ በኩል የሚያዋጣውንና ፊርማውን አሰመርኩ። ከላይ «ለእህታችን የደረጃ ዕድገት የደስታ መግለጫ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። የወርቅ ሐብል አስቤያለሁ። ዓርብ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሐብሉን በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ቀሚሱን በእኔ ስም፣ ሰው ሁሉ እያየ ልሰጣት ነው።

ወረቀቱ ገንዘቡ ከሚከተትበት ፖስታ ጋር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሮ ከሰዓት በኋላ ተመለሰልኝ። ከላይ እስከ ታች ሳየው አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። ከሁሉም የበለጠ ያዋጡት ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ የምላቸው እኛ በምንሠራበት የሰብል ቡድን ውስጥ በዕድሜም በአገልግሎትም አንጋፋው ባለሙያ ናቸው። እኔና ጓደኛዬ ሥራ ስንጀምር የሩዝ ችግኝ እንዴት ተነቅሎ እንደሚተከል፣ ጭቃ ውስጥ ገብተው ጎንበስ ብለው ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ለዚያው ለቡድን መሪነት ቦታም ተወዳድረው ነበር፤ ሁለተኛ ወጡ። ተሸንፈው ይህን ያህል ማዋጣታቸው ልቤን ነካው። «ሰው ማለት እንዲህ ነው» እያልኩ ወረቀቱን ለአንድ ሁለት ሰው አሳየሁ። ኩራት ያዘኝ፤ ነገሩን ያሳመርኩ መሰለኝ።

ወረቀቱ ያልደረሰው መዝገብ ቤት ብቻ ስለነበር ራሴ ይዤው ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የእኔ እኩያ ናት። ለብዙ ዓመት የመሥሪያ ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ሆና፣ ጠዋት ወለላችንን ስትወለውል ቆይታ፣ በትርፍ ሰዓት ተምራ፣ እንደማንኛውም ሰው ተፈትና ዓምና ነው መዝገብ ቤት የገባችው። ወረቀቱን አንብባ ስሟ ጋ ደረሰች፣ ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ቀና ብላ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይኸ ወረቀት አዲስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«እንዴት አዲስ?»

«አይ፣ ዓምና እኔ ሳልፍ ሲዞር ስላላየሁት ነው። ያለፍኩት እኔ ስለሆንኩ አልዞረም ብዬ ነዋ። ልክ ነኝ?»

ቅሬታ አልነበረበትም አነጋገሯ፤ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀን እንደምትፈልግ ሰው ነበር የጠየቀችኝ። ዓምና እሷ ስታልፍ ምን አደረግን? ስብሰባ ላይ ስሟ ተነበበ፣ አጨበጨብን፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን። ለጽዳት ሠራተኛዋ ጭብጨባ፣ ለባለሙያዋ ወርቅ። ያንን ወረቀት ደግሞ እንድትፈርምበት ያመጣሁላት እኔው ነኝ።

«ልክ ነሽ። አልዞረም» አልኳት። ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ጋሼ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለችው ዛፍ ሥር ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። ስለ መዋጮው ላመሰግናቸው ቀርቤ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሌላ ነገር ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ያን ያህል ለምን ጻፉ?»

ዙሪያቸውን አዩ። «ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«ወረቀቱ የመጣልኝ ሰባት ሰው ከጻፈበት በኋላ ነው። ትንሽ ብጽፍ ቀና ይሉኛል። ምንም ባልጽፍ አኮረፈ ይሉኛል። ስለዚህ ማንም አፉን የማይከፍትበትን ያህል ጻፍኩ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «በልጅቷ ማለፍ ከፍቶኝ አይደለም። አስተምሬ አብቅቻታለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ግን ነጥቤ ላይ ያልገባኝ ነገር ነበር። የአገልግሎት ዘመኔ ያነሰ መስሎኛል። ሄጄ ልጠይቅ እያልኩ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቁም?»

«እንዴት አድርጌ? ለደስታዋ ይህን ያህል አዋጥቼ፣ በማግሥቱ ቅሬታ ላስገባ? ሰው ምን ይለኛል?»

ያኔ ነው የገባኝ። ተመልሼ ሳየው ማስታወቂያው ግርጌ ላይ፣ እኔ እልል ስል ያላነበብኩት መስመር ነበረ፤ በውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ሠራተኛ እስከዚህ ቀን ድረስ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል ይላል። ቀኑ ገና አላለፈም። ውጤቱ ሳይጸድቅ የእኔ ወረቀት ቀድሞ አጽድቆታል፤ ሰው መብቱን እንዳይጠይቅ በሩን የዘጋሁት በደስታ መግለጫ ነው። ስም የተጻፈበት፣ መጠን የተጻፈበት፣ ሁሉም የሚያየው ወረቀት ስጦታ አይሰበስብም። ሰውን ያስፈርማል።

ከተሳሳትኩ ለማረም አላመነታም፤ ይኼን እናቴም ትመሰክርልኛለች። በማግሥቱ ጠዋት የሰጡኝን ለእያንዳንዳቸው መልሼ በእጃቸው አስያዝኩ። «ምነው፣ ቀረ እንዴ?» ሲሉኝ፣ «አልቀረም፤ በተሳሳተ መንገድ ነው የጀመርኩት። የቅሬታ ጊዜው ይለቅና ሁላችንም ተነጋግረን እናደርገዋለን» አልኩ። ወረቀቱን ቀደድኩት። አንድ ባለሙያ፣ «አሁን እሷ ስትሰማ ምን ይሰማታል?» አለኝ። «የሚሰማትን እኔ ነኝ የምጠይቃት» አልኩት።

ጋሼ ጋ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘባቸውን ሰጥቼ፣ «እንግዲህ ምንም አላዋጡም። ጥያቄዎን ይጻፉ» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ እጃቸው ላይ ያለውን አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

ማመልከቻቸው አጭር ነበር። ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመምጣታቸው በፊት ደራ ወረዳ ውስጥ የሠሩበት ዘመን አልተቆጠረልኝም የሚል ነው። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው የግል ማኅደራቸውን አስወጣ፤ የዚያ ዘመን የሥራ ልምድ ደብዳቤ የለም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን ማኅደሩን ዘግታ አልተቀመጠችም። ከእሷ በፊት የነበሩት ሰዎች የአባት ስሙ ተመሳሳይ የሆነን ሰው ወረቀት ሲያቀላቅሉ አይታ ታውቃለችና፣ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እያለች የሁለት ቀን ሥራ ሠራች። ደብዳቤው ጡረታ በወጣ ሌላ ሰው ማኅደር ውስጥ ተገኘ። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለኮሚቴው ስታስረክብ ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

ነጥቡ ተስተካከለ። ጋሼ ከፍ አሉ፤ ጓደኛዬን ግን አልደረሱባትም፤ በጽሑፍ ፈተናውና በሥራ አፈጻጸሙ እሷ ብዙ ትበልጥ ነበር። ኮሚቴው የእያንዳንዱን መስፈርት ነጥብ አስቀምጦ በደብዳቤ መለሰላቸው። ደብዳቤውን አንብበው አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ቢሮ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲወጡ ግን ትከሻዋን እንደ አባት መታ መታ አድርገዋት፣ «አሁን እንኳን ደስ አለሽ» ሲሏት ሰምቻለሁ። «አሁን» የምትለውን ቃል ጠበቅ አድርገው ነው ያሏት።

ቀሚሱ ነበር የቀረኝ። ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገር በምሳ ሰዓት ነገርኳት፤ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ መዝገብ ቤቱም፣ ስለ ቀሚሱም። ሽሮ አዘን ነበር፤ እስክጨርስ አልጎረሰችም።

«ቀሚሱ የት አለ አልሽ?»

«ቤት። ዓርብ በስብሰባ ላይ ልሰጥሽ ነበር።»

«አንቺዬ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ የሥራ አፈጻጸምሽን የምሞላው እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ትያለሽ! ዘጠና ብሰጥሽ ቀሚሱ ነው ይላሉ። ሰባ ብሰጥሽ አንቺ ራስሽ ቀሚሴን በላች ትያለሽ።»

ሳቅሁ፤ እውነቷን ነው። «እና ምን ላድርገው? በቤትሽ በድብቅ ላምጣልሽ?»

«በድብቅማ ይብሳል። በዓል ሲሆን ድሮ እንደምናደርገው አድርጊ። እኔ ለልጆችሽ አመጣለሁ፣ አንቺ ለልጆቼ ታመጫለሽ። ከዚያ በላይ አንቺም አታምጪ፣ እኔም አልቀበልም። ቁመታችን እኩል ነው፤ ቀሚሱን ራስሽ ልበሽው።»

ተከፋሁ ብል ውሸት ይሆናል። እንዲያውም የመረጡት ሰው ትክክለኛዋ መሆኗን ያን ቀን የበለጠ አረጋገጥኩ። ቀሚሱን ሐሙሲት ከተማ ለተደረገው የእህቴ ልጅ ሰርግ ለብሼው ሄድኩ፤ ያላየኝ ሰው የለም።

የቅሬታ ጊዜው ካለፈና ሹመቷ በደብዳቤ ከጸደቀ በኋላ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰብኩ። ጓደኛዬን አልጠራኋትም፤ ለእሷ ስለሚሰጥ ነገር እሷ ባለችበት አይወራም። ጥበቃዎቹም ጽዳቶቹም ሹፌሩም መጡ። የሆነውን አልደበቅሁም። «በስም ዝርዝር ያዞርኩት ጥፋት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ።

ሹፌሩ፣ «ሁላችንም እኩል እናዋጣ፤ እኩል ከሆነ ማን ምን ይላል?» አለ።

አንዷ የጽዳት ሠራተኛ እጇን አወጣች። «ለእናንተ የምሳ ነው። ለእኔ የሳምንት ዳቦ ነው። እኩል ማለት ይኸ ነው እንዴ?» አለች። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐሳቡን ተወው።

ሌላው፣ «ታዲያ ለኃላፊ ወርቅ፣ ለጥበቃ ካልሲ ልንሰጥ ነው?» አለ።

«አይሆንም። ሰው ከየትም ተነስቶ የትም ቢያድግ ስጦታው አንድ ይሁን» አልኩ። «ከጥበቃነት ወደ ፈረቃ መሪነትም ቢሆን፣ ከባለሙያነት ወደ ቡድን መሪነትም ቢሆን። ዋጋውም የትኛውም ሠራተኛ ሲቀበለው የማይሸማቀቅበት፣ ሲሰጥም የማይጎዳበት።»

ተስማማን። አንድ የታሸገ ካርቶን በላዩ ተበስቶ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። የፈለገ ይከታል፣ ያልፈለገ ይተዋል፤ ስም አይጻፍም፣ ማንም አጠገቡ አይቆምም። ከተወሰነ መጠን በላይ አትክተቱ አልን፤ አንድ ሰው ብቻውን ስጦታውን እንዳይገዛ። የተረፈ ለሐዘን መረዳጃው ይሆናል። ማንም ሠራተኛ ለአለቃው ለብቻው አይሰጥም። ካርዱ ላይ ሁሉም ይፈርማል፣ ያዋጣም ያላዋጣም። ከውጭ ሰው ምንም አንቀበልም። ቃለ ጉባኤው ላይ የመጨረሻዋን ነጥብ ያስጨመሩት ጋሼ ናቸው፤ ዓምና ላደገችውም ይሰጥ አሉ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንገቷን ደፋች፤ ጎኗ የተቀመጡት ሴቶች በክርናቸው ነካ ነካ አደረጓት።

ምን እንስጥ ሲባል ብዙ ተባለ። ጃንጥላ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ትልቁን፣ ጥቁሩን፣ የእንጨት እጀታ ያለውን። በእኛ ሜዳ ዝናቡ ባለሥልጣን አይለይም፤ ማሳ የሚወርደውንም ማኅደር ተሸክማ ግቢ የምታቋርጠውንም እኩል ያርሳል። የልክ ቁጥር የለውም፣ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፣ ቤት ተወስዶ የሚደበቅ ጌጥም አይደለም።

ጃንጥላ ለመግዛት ወረታ ገበያ መግቢያ ላይ ያለ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ጨዋ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ከጃንጥላና ከቦቲ ሌላ የአረም መድኃኒትና መርጫም ይሸጣሉ። ሁለት ጃንጥላ ስጠይቃቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ማሻአላህ! ለእሷማ ከሆነ አንዱን ከእኔ ይሁን» አሉ።

«አይሆንም አባባ። የመድኃኒት ሱቅዎን ቁጥጥር ከአሁን ወዲያ የምትመራው እሷ ናት።»

የመድኃኒቱን መደርደሪያ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ሳቁ። «እውነትሽን ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ባይኖረኝም፣ አለው የሚል ግን አይጠፋም።»

«ቅናሽም አያድርጉልኝ።»

«ዋጋውንማ የምትከራከሪ መስሎኝ ጨምሬ ነበር የነገርኩሽ» አሉና ለማንኛውም ሰው በሚሸጡበት ዋጋ ሰጡኝ። ደረሰኙን ተቀብዬ፣ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ወረቀት አስጠቅልዬ ወጣሁ።

በተከታዩ ዓርብ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የጠራሁት የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ነው፤ ቀድማ ያደገችው እሷ ናትና። ካርዷን ከፍታ ሃያ ምናምን ፊርማ ስታይ አንድ በአንድ እያነበበች ቆመች። ፊርማ ማንበብ ሥራዋ ስለሆነ የማን የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ታውቃለች። «የጥበቃውም አለ» አለች ጮክ ብላ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀጥሎ ጓደኛዬ ተጠራች። ያው ጃንጥላ፣ ያው ካርድ፣ ያው እጀታ። ያስረከቧት ጋሼ ናቸው፤ እኔ አልሰጠኋትም፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ንግግር አድርጊ ሲሏት፣ «የሁላችሁንም ፊርማ አይቻለሁ፤ ማን ምን እንደሰጠ ግን አላውቅም። እንዳላውቅ አድርጋችሁ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ የድሮው ልማድ አልቀረም፤ «ያደገ ይጋብዛል!» እያሉ ጮሁባት። ለሁላችን ሻይና ብስኩት አስመጣች፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም ከቤቷ የጋገረችውን ዳቦ ይዛ መጥታ ነበር።

መንፈቁ ሲያልቅ የሥራ አፈጻጸም መሙያው ደረሰ። ጓደኛዬ ቢሮዋ አስጠርታ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። በአብዛኛው ጥሩ ሞልታልኛለች። በሪፖርት አቀራረብ ላይ ግን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ነበር።

«ሁለተኛው ጊዜ ልጄ ታሞብኝ እንደነበር ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ። አስቀድመሽ ግን አላሳወቅሽም። ለሌሎቹ እንዲህ ነው የሞላሁት።»

ለሌሎቹ እንዴት እንደሞላች አልጠየቅሁም። ለማረጋገጥ ብዬ የማንንም ቅጽ ማየት አላስፈለገኝም። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ፈረምኩ። ስወጣ ጋሼ ተራቸውን እየጠበቁ ደጁ ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠው ነበር። «እንዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፤ ይግቡ» አልኳቸውና ሦስተኛው ሪፖርት እንዳይዘገይ ልጨርሰው ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።